በወረቀቱ 12፣ ከኪስ 33

ቱነይድባ የስደተኞች ጣቢያ በገዳሪፍ ግዛት የተከፈተው በፈረንጆቹ ጥር 2021 ነው። ከሐምዳየትና ከ«መንደር 8» መሸጋገሪያዎች በአውቶቡስ እየተጫነ የመጣው ሰው አብዛኛው ከትግራይ የተሰደደ ነበር። ከመካከላቸው የሰሊጥ ገበሬው፣ ባለሱቁና ልብስ ሰፊው ብድርን ያውቁታል። አገር ቤት ሳሉ ከብድርና ቁጠባ ተቋም የወሰዱ አሉ። ሱዳን ሲደርሱ ያገኙት ግን ሌላ ዓይነት ውል ነው፤ በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ «ወለድ» የሚል ቃል የለም። የሱዳን ባንኮች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአብዛኛው በእስልምና ሕግ ስለሚሠሩ ጥሬ ገንዘብ በወለድ አያበድሩም። ሙራበሓ በሚባለው አሠራር ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው፣ ትርፍ ጨምረው፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጡታል። የከተማ ነጋዴም ይህንኑ አሠራር በራሱ መንገድ ይከተላል።

እንግዲህ አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ትፈልጋለች እንበል። ዋጋው በጥሬ ገንዘብ 120,000 የሱዳን ፓውንድ ነው (ቁጥሩን የመረጥሁት ሒሳቡ እንዲቀል ብዬ ነው)። ሻጩ «12 በመቶ ጨምረሽ በዓመት ትከፍያለሽ» ይላታል። የ120,000 12 በመቶ 14,400 ስለሆነ ጠቅላላው 134,400 ይሆናል። ለ12 ወር ሲካፈል በየወሩ 11,200 ነው። ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላል፤ አንድም የተደበቀ ቁጥር የለም።

ችግሩ ያለው 12 በመቶው በምን ላይ እንደታሰበ ነው። የታሰበው በ120,000 ላይ፣ ለሙሉ ዓመት ነው። ሴትዮዋ ግን 120,000ውን ለሙሉ ዓመት ይዛ አትቆይም። መጀመሪያ ወር ላይ ስትከፍል ዕዳው ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ደግሞ ይቀንሳል። በስድስተኛው ወር ግማሹን ያህል መልሳለች፤ በመጨረሻው ወር በእጇ የቀረው የሰው ገንዘብ ወደ 10,000 ገደማ ብቻ ነው። ይሁንና በዚያ በመጨረሻው ወርም የምትከፍለው ትርፍ ልክ እንደ መጀመሪያው ወር የ120,000 ትርፍ ነው። 12 ክፍል ያለው ቤት ተከራይቶ በየወሩ አንድ አንድ ክፍል እያስረከቡ፣ ኪራዩን ግን እስከ መጨረሻው የ12ቱንም ክፍል እንደ መክፈል ነው።

ይህን አቆጣጠር የብድር ሠራተኞች «ፍላት» ይሉታል። ተቃራኒው በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰበው ነው፤ ብዙ ጊዜ «ዲክላይኒንግ» ሲባል ይሰማል። ልዩነቱን በገንዘብ እንየው። ያው 120,000 በ12 በመቶ፣ ነገር ግን በቀሪው ዕዳ ላይ እየታሰበ ቢሆን ኖሮ የወሩ ክፍያ 10,662 ገደማ፣ የዓመቱ ወለድ ደግሞ 7,942 ያህል ይሆን ነበር። በፍላቱ 14,400 ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ላይ የተጻፈው «12 በመቶ» ነው።

በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤ.ፒ.አር. የሚባለው ዓመታዊ የብድር ዋጋ የመጣው ለዚህ ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በየወሩ በእጄ በቆየው ገንዘብ ልክ ሲታሰብ፣ የከፈልሁት ነገር ሁሉ በዓመት ስንት በመቶ ይሆናል? ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ወለድ ይሁን ትርፍ ወይም የአገልግሎት ክፍያ፣ ለዚህ ስሌት ለውጥ አያመጣም። ከኪስ የወጣና ወደ ኪስ የገባ፣ የወጣበትና የገባበት ቀን፣ ይኸው ነው። ሙራበሓ ከወለድ በሃይማኖትም በሕግም ይለያል፤ ያንን ልዩነት ለሚያከብር ሰው ሒሳቡ ምንም አይነካበትም። ዋጋውን ከሌላ ሻጭ ዋጋ ጋር ለማነጻጸር ግን አንድ መለኪያ ያስፈልገዋል።

በወረቀትና በእስክሪብቶ ግምቱን ማግኘት ይቻላል። ዕዳው በመጀመሪያው ወር 120,000፣ በመጨረሻው ወር 10,000 ከሆነ መካከለኛው 65,000 ነው። ማለትም ሴትዮዋ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ የያዘችው የሰው ገንዘብ 65,000 ነው። ለዚህ 14,400 ከፈለች። 14,400 ለ65,000 ሲካፈል 22 በመቶ ገደማ ይመጣል። ትክክለኛው ስሌት 21.5 ይላል፤ የእጁ ግምት ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አያሳስትም። የአንድ ዓመት ወርሃዊ ክፍያ ያለው ማንኛውም ፍላት ሲያጋጥም በእጥፍ ገምቶ ጥቂት መቀነስ ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንሂድ፤ በእኔ እምነት ተበዳሪን ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነው። ያው 120,000 በጥሬ ገንዘብ ከአንድ አበዳሪ ይምጣ፤ 12 በመቶ ፍላት፣ የወሩ ክፍያ ያው 11,200። ሆኖም ገንዘቡ ሲሰጥ 3 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም 3,600 ተቀንሶ ነው። በእጅ የገባው 116,400 ብቻ ሲሆን ዕዳው ግን 120,000 ነው። በዚህች 3,600 ብቻ ዓመታዊው ዋጋ ከ21.5 ወደ 27.4 በመቶ ይዘላል። አንድ ጊዜ የሚከፈል 3 በመቶ ስድስት ነጥብ ያህል የጨመረው ሁለት ነገር ስላደረገ ነው፤ ወጪውን አበዛው፣ ሊሠራበት የሚችለውን ገንዘብ ደግሞ አሳነሰው።

ሦስተኛው ነገር ተቀናሽ ቢሆንም እንደ ወጪ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የማያየውም ለዚህ ነው። በቡድን ዋስትና በሚያበድሩ ተቋማት ዘንድ፣ አገር ቤትም ሆነ በሌላ አገር፣ የግዴታ ቁጠባ የተለመደ ነው። ከብድሩ 10 በመቶ፣ በእኛ ምሳሌ 12,000፣ በስምዎ ይቀመጣል፤ ዕዳው ሲያልቅ ይመለሳል። የእርስዎ ገንዘብ ስለሆነ ማንም «ክፍያ» አይለውም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አይሠሩበትም፤ ትርፉን ግን ይከፍሉበታል። ሁለቱ ተቀናሾች ተደምረው በእጅ የሚገባው 104,400 ነው። ቁጠባው ያለ ወለድ ቢመለስ እንኳ፣ ዓመታዊው ዋጋ 33.2 በመቶ ይደርሳል። ወረቀቱ አሁንም 12 በመቶ ይላል፤ የተጻፈው ቁጥርም ሐሰት አይደለም።

ስልክ ላይ ኤክሴል ወይም ሌላ የሒሳብ ሰንጠረዥ ያለው ሰው ይህን በአንድ መስመር ማግኘት ይችላል፦

```
=RATE(12,-11200,104400,12000)*12
```

መጀመሪያ የወሮቹ ቁጥር ይገባል። ቀጥሎ የወሩ ክፍያ፣ ከእጅ የሚወጣ ስለሆነ የመቀነስ ምልክት ይዞ። ከዚያ በእጅ የገባው ገንዘብ፤ እዚህ ላይ መጻፍ ያለበት ተቆጥሮ የተረከቡት እንጂ ውሉ ላይ ያለው 120,000 አይደለም። የመጨረሻው በዓመቱ መጨረሻ የሚመለሰው ቁጠባ ነው፤ ከሌለ ዜሮ። በ12 የሚባዛው የወሩን ዋጋ ወደ ዓመት ለመቀየር ነው። ውጤቱ 0.332 ቢል 33.2 በመቶ ማለት ነው።

አሜሪካ ለግል ፍጆታ የሚያበድር ሁሉ ይህን ቁጥር በውሉ ላይ በግልጽ እንዲጽፍ ያስገደደችው በ1968 በወጣ ሕግ ነው። ከቱነይድባ ወይም ከኡም ራኩባ ጣቢያ ተነስቶ እዚያ የሰፈረ ዘመድ የመኪና ብድር ወረቀት ሲሰጠው ሁለት መቶኛዎች ሊያይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንደኛው የወለዱ፣ ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው የብድሩ ዋጋ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛው የተጨመሩት ክፍያዎች መጠን ነው። ርቀቱ ሰፊ ከሆነ «ይህ የምን ነው?» ብሎ እያንዳንዱን መስመር ማስነበብ ያዋጣል።

በገዳሪፍ እርሻ ዙሪያ ደግሞ ከነጭራሹ መቶኛ የማይጠራበት ብድር አለ፤ ሸይል ይባላል። ክረምት ላይ፣ ለአረም የሚከፈል ገንዘብ ሲያጥር፣ ነጋዴው ለገበሬው ገንዘብ ይሰጣል። ገበሬው በምርት ጊዜ ማሽላ ወይም ሰሊጥ ያስረክባል፤ ዋጋው ግን አሁኑኑ፣ በክረምቱ ይቆረጣል። በነሐሴ አንድ ጆንያ ማሽላ በ30,000 ፓውንድ ተቆርጦ፣ በታኅሣሥ ሲረከብ ገበያው 36,000 ቢሆን፣ ገበሬው 30,000 ተበድሮ 36,000 መለሰ ማለት ነው። 20 በመቶ በአራት ወር ነው፤ በዓመት ሲታሰብ 60 በመቶ። ገበያው ከ30,000 ባይነሳ ግን ብድሩ ምንም አላስከፈለም፤ ቢወርድም ኪሳራው የነጋዴው ነው። ስለዚህ የሸይልን ዓመታዊ ዋጋ ውሉ በሚታሰርበት ቀን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ገበሬው ማድረግ የሚችለው ያለፉትን ዓመታት የነሐሴና የታኅሣሥ ዋጋ አስታውሶ፣ የልዩነቱን መቶኛ በሦስት ማባዛት ነው። ሦስት ጊዜ አራት ወር ዓመት ይሞላልና።

የአጭር ጊዜ ብድር ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሻይ የምትሸጥ ሴት ለስኳርና ለቡና 10,000 ፓውንድ ለአንድ ወር ወስዳ 10,500 ብትመልስ፣ ዓመታዊው ዋጋ 60 በመቶ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ የከፈለችው ግን 500 ነው፤ በዚያች ወር 3,000 ካተረፈችበት ብድሩ ክፉ አልነበረም። የሚጎዳት በየወሩ እየታደሰ ዓመቱን ሲሞላ ነው፤ ያኔ ለዚያችው 10,000 በዓመቱ 6,000 ከፍላ፣ ዋናው ዕዳ አሁንም እንዳለ ነው። ቀድሞ መጨረስም እንዲሁ መታየት አለበት። በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ብድር ቀድሞ ሲዘጋ ወለዱ ይቆማል። በፍላት ግን ውሉ ቅናሽ ካልፈቀደ፣ በስድስተኛው ወር የሚዘጋውም 14,400ውን ሙሉ ይከፍላል፤ ስለዚህ «ቀድሜ ብጨርስ ስንት ይቀነስልኛል?» የሚለው ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ገንዘቡ ዋጋውን እንደያዘ ይቆያል ብሎ የተነሳ ነው። በሱዳን ግን የዋጋ ንረቱ በ2021 አጋማሽ ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት በፓውንድ 33 በመቶ የሚከፍል ተበዳሪ የሚመልሰው ከወሰደው እጅግ ያነሰ ዕቃ የሚገዛ ገንዘብ ነው፤ ተጎጂው አበዳሪው ይሆናል። ነጋዴው ዕዳውን በጆንያ ወይም በዶላር ማሰር የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዶላር ሲሆን ግን ትንሽ የሚመስል መቶኛ በፓውንድ ለሚሠራ ልብስ ሰፊ ከ33 በመቶም ሊከብድ ይችላል፤ ምንዛሪው በወጣ ቁጥር የወሩ ክፍያዋም አብሮ ይወጣል። ሁለት ውሎች ጎን ለጎን ሊቆሙ የሚችሉት ክፍያቸው በአንድ ዓይነት ገንዘብ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ፣ ልብስ ሰፊዋ ገቢዋ የሚመጣበትን ገንዘብ መርጣ የሌላኛውን ክፍያ በየወሩ ወደዚያ እየመነዘረች፣ ምንዛሪው እጥፍ ቢሆን ክፍያዋ ስንት እንደሚሆንም ጨምራ መጻፍ ይኖርባታል።