የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ስንት ብር ይፈጃል?

የዩኒፎርም ጨርቅ ዋጋ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በጨርቁ ወርድ፣ ለአንድ ልብስ በሚያስፈልገው ርዝመትና በሜትር ዋጋ። ሻጭ የሚናገረው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ስንት ሜትር እንደሚገዛ የሚወስነው ወርዱ ስለሆነ፣ በሜትር ርካሽ የሆነው ጨርቅ ሲደመር ውድ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ የአንድ የሰባት ዓመት ተማሪ ሱሪ ይታሰብ። የሱሪው ቁመት 72 ሴንቲ ሜትር ነው። ለወገብ ስፌት 2፣ ልጁ ሲያድግ ለሚለቀቀው የእግር ጫፍ እጥፋት 6 ሲጨመር 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሱሪ በአራት ትላልቅ ክፍሎች ይቆረጣል፦ ሁለት የፊትና ሁለት የኋላ። የስፌት ትርፉን ጨምሮ እያንዳንዱ የፊት ክፍል በሰፊው ቦታ 22፣ እያንዳንዱ የኋላ ክፍል ደግሞ 28 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል እንበል። አራቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ 100 ሴንቲ ሜትር ይሞላሉ።

ገበያ ላይ ሁለት ጨርቆች አሉ ብለን እንነሣ። አንደኛው ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ዋጋው በሜትር 450 ብር ነው። ሁለተኛው ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ዋጋው 280 ብር ነው። በሰፊው ጨርቅ ላይ አራቱም ክፍሎች በአንድ ረድፍ ያልቃሉ፤ የሚተርፈው 50 ሴንቲ ሜትር ለወገብ ዙሪያና ለኪስ ይበቃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 0.80 ሜትር፣ ዋጋው 360 ብር ነው። በጠባቡ ላይ ግን 100 ሴንቲ ሜትር 90 ውስጥ አይገባም። አንድ የኋላ ክፍል ወደ ሁለተኛ ረድፍ ይወርዳልና 1.60 ሜትር መግዛት ግድ ይሆናል። ይህም 448 ብር ነው። በሜትር 170 ብር የሚረክሰው ጨርቅ በሱሪው ላይ 88 ብር አስወደደ።

ነገር ግን ተመሳሳይ ልክ ያላቸው ሁለት ልጆች ሲኖሩ ስሌቱ ይገለበጣል። አሁን አራት የፊትና አራት የኋላ ክፍሎች አሉ። ጠባቡ ጨርቅ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት የኋላና አንድ የፊት ክፍል ይቀመጣሉ፤ ድምሩ 78 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛው ረድፍም እንዲሁ ይሆናል። ቀሪዎቹ ሁለት የፊት ክፍሎች በሦስተኛው ረድፍ 44 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚይዙ፣ ለወገብና ለኪስ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ሦስት ረድፍ 2.40 ሜትር፣ ማለትም 672 ብር ነው። ሰፊው ጨርቅ ግን ስምንቱን ክፍሎች በሁለት ረድፍ ስለሚይዝ 1.60 ሜትር፣ 720 ብር ይጠይቃል። ለሁለት ልጆች ጠባቡ በ48 ብር ይረክሳል። ስለዚህ አንድ ልብስ የሚፈጀውን ሜትር ወስዶ በልጆቹ ቁጥር ማባዛት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ትክክለኛው መንገድ ክፍሎቹን ሁሉ በአንድነት ደርድሮ የረድፎቹን ርዝመት መደመር ነው።

አደራደሩ የራሱ ገደብ አለው። የግራና የቀኝ ክፍሎች ተቃራኒ ስለሆኑ የወረቀቱ ልክ ለአንደኛው መገልበጥ አለበት፤ አለዚያ ሁለት የግራ እግር ይቆረጣል። የልጆቹ ቁመት ከተለያየ ረድፉ የሚለካው በውስጡ ባለው ረጅም ክፍል ነው። ወርዱም ጠንካራው ጠርዝ ሳይቆጠር በሜትር መለካት ይኖርበታል፤ 90 የተባለው ጨርቅ ለመቁረጥ የሚሆነው 87 ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለሸሚዙ ወርዱ 115 ሴንቲ ሜትር፣ ዋጋው 260 ብር የሆነ የጥጥ ጨርቅ ይወሰድ። ሁለቱ የፊት ክፍሎችና ጀርባው 55 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው አንድ ረድፍ፣ ሁለቱ እጅጌዎች ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር ባለው ሌላ ረድፍ ይገባሉ። ኮሌታው ከጎን ከሚተርፈው ይወጣል። አንድ ሸሚዝ 1 ሜትር፣ ሁለቱ 2 ሜትር ይፈጃሉ። ጥጥ ግን ሲታጠብ ሊያጥር ይችላል። ይህን ለማወቅ በቁራጭ ጨርቅ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር መስመር ተሰምሮ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ እንደገና ይለካል። መስመሩ 19 ከሆነ ጨርቁ 5 በመቶ አጥሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ 2 ሜትር ለ0.95 ይካፈላል፤ ውጤቱ ወደ 2.11 ሜትር ይጠጋል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊትም መታጠብ አለበት።

በመጨረሻ ለተጣመመ የጨርቅ ጫፍ በእያንዳንዱ ግዢ 5 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። የሱሪው 2.45 ሜትር ይሆንና 686 ብር ያወጣል። የሸሚዙ 2.16 ሜትር ወደ 2.20 ተጠጋግቶ 572 ብር ይሆናል። የሁለቱ ልጆች ሙሉ ጨርቅ 1,258 ብር፣ ለእያንዳንዳቸው 629 ብር ነው። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና የሰፊው ዋጋ በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም።