ቀለም ያልተቀባው ማዕዘን

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር፣ እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው። ዋናው ጎዳና የሞላበት ሹፌር ወደ ጎን ወዳሉት የመኖሪያ ሰፈር መንገዶች ይታጠፋል። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ለአንድ መኪና የሚበቃ ክፍት ቦታ ያገኛል። የመንገዱ ጠርዝ ቀይ አልተቀባም፣ የክልከላ ምልክት አልተተከለም፣ አስፋልቱም ላይ ዜብራ አልተሰመረም። ሹፌሩ ደስ ብሎት ያቆማል። በልቶ ሲመለስ የፊት መስታወቱ ላይ የቅጣት ወረቀት ይጠብቀዋል።

ቅጣቱ ትክክል ነው። በካሊፎርኒያ የትራፊክ ሕግ፣ መኪና ወደ እግረኛ ማቋረጫ በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከማቋረጫው በፊት ባለው 20 ጫማ ውስጥ ማቆም ክልክል ነው። 20 ጫማ 6 ሜትር ከትንሽ ይሆናል። «ኤቢ 413» በሚል ቁጥር የሚታወቀው ይህ ሕግ የጸደቀው በ2023 ነው። በ2024 ቦታው በቀለም ወይም በምልክት ካልተለየ በቀር ሹፌሮች ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጣቸው ነበር። ከጥር 1 ቀን 2025 ወዲህ ግን ቀለም ኖረም አልኖረም ያስቀጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ማቋረጫ» ሲባል ነጭ መስመር ስለሚፈልግ ነው። ሕጉ የሚያውቀው ማቋረጫ ግን የተሰመረውን ብቻ አይደለም። ሁለት መንገዶች ቀጥ ብለው በሚገናኙበት ቦታ፣ የእግረኛው መንገድ አስፋልቱን ተሻግሮ ቢቀጥል የሚያልፍበት መሬት ሁሉ፣ አንድም መስመር ባይኖረው፣ በሕግ ማቋረጫ ነው። ስለዚህ የእግረኛ መንገድ ባለው ሰፈር እያንዳንዱ መስቀለኛ መንገድ ማቋረጫ አለው ማለት ይቻላል። ከኋላ በር የሚወጡት ጠባብ የሰፈር መተላለፊያዎች ግን ዋናውን መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ይህን ዓይነት ያልተሰመረ ማቋረጫ አይፈጥሩም።

ክልከላው የሚመለከተው ከማቋረጫው በፊት ያለውን ጎን ብቻ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። በቀኝ ጠርዝ ተጠግተው ወደ ማዕዘኑ ሲነዱ፣ ማቋረጫውን ከመድረስዎ በፊት ያለው 6 ሜትር ነው የተከለከለው። ማቋረጫውን ካለፉ በኋላ ያለውን ጠርዝ ይህ አንቀጽ አይነካውም፤ እዚያ የቆመ መኪና በዚያው መስመር የሚመጣውን ሹፌር ዓይን አይጋርድምና። የእግረኛው መንገድ ማዕዘኑ ላይ ወደ አስፋልቱ ገባ ብሎ እንዲሰፋ በተደረገበት ቦታ ደግሞ ርቀቱ ወደ 15 ጫማ ይቀንሳል። እግረኛው ቀድሞውኑ ወጣ ብሎ ስለሚቆም ከሩቅ ይታያል።

የ20 ጫማው ምክንያት የሚገባን ነገሩን ከሚመጣው ሹፌር ወንበር ላይ ሆነን ስናየው ነው። ጠርዙን ተጠግቶ የቆመ መኪና 2 ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ይወጣል። በቀጣዩ መስመር የሚመጣው ሹፌር ከጠርዙ 4 ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል እንበል። አንዲት ልጅ ለመሻገር ጠርዙ ላይ፣ በማቋረጫው መካከል ቆማለች። የቆመው መኪና አፍንጫ ማቋረጫው ድረስ ከደረሰ ከልጅቷ የሚርቀው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዚህ ልኬት ሹፌሩ ልጅቷን በቀጥታ ማየት የሚችለው 3 ሜትር ሲቀረው ነው። በሰዓት 25 ማይል፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። 3 ሜትር ላይ ያየውን ልጅ ለማትረፍ እግሩ ብሬኩ ላይ እንኳ አይደርስም።

የቆመው መኪና 6 ሜትር ወደ ኋላ ሲል ያው ሹፌር ያችኑ ልጅ 15 ሜትር ያህል ሲቀረው ያያታል። ገና ጠርዙ ላይ ናት፤ ወደ እሱ መስመር ለመግባት 2 ሜትር መራመድ አለባት። እሱ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፣ እሷም መኪናው መምጣቱን አይታ ትጠብቃለች። ጋራጁ ቫን ወይም ፒክአፕ ከሆነ አዋቂ ሰውም ቢሆን ከኋላው አይታይም። ለእኔ ይህ ሕግ ከቲኬቱ ገንዘብ በላይ ነው፤ ያ ክፍት ቦታ ባዶ የተተወው ለአንድ ሰው ዓይን ነው።

«መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው እኮ» የሚለው መልስ በመተግበሪያ ተሳፋሪ ከሚጭኑና ምግብ ከሚያደርሱ ወገኖቻችን አፍ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እዚህ ላይ ሕጉ ሦስት ነገሮችን ይለያል። መኪና ፓርክ አደረገ የሚባለው ሹፌሩ ውስጥ ቢኖርም ባይኖርም ሰው ወይም ዕቃ ከመጫንና ከማውረድ ውጭ ሲያቆም ነው። «ፓርክ ማድረግ ክልክል ነው» በሚል ምልክት ሥር ተሳፋሪ አውርዶ ወዲያው መሄድ ስለዚህ ይፈቀዳል፤ እዚያው ቆሞ ቀጣዩን ጥሪ መጠበቅ ግን ፓርክ ማድረግ ነው። «መቆም ክልክል ነው» በተባለበት ቦታ ግን ለአፍታም ጎማ ማቆም አይቻልም። ከሌላ መኪና ጋር ላለመጋጨት፣ ፖሊስ ሲያዝ ወይም መብራት ሲይዝ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አራቱንም ፍሬቻ ማብራት ይህን አይለውጠውም።

የማዕዘኑ 20 ጫማ ከዚህ ከባዱ ክልከላ ውስጥ ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ መስቀለኛው መንገድ ራሱ፣ ማቋረጫው ላይ፣ የሰው ግቢ መግቢያ ፊት፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ዝቅ የተደረገው ጠርዝ፣ ዋሻና ድልድይ፣ እንዲሁም ከቆመ መኪና ጎን ደርቦ መቆም አሉ። የእግረኛ መንገድ ላይ ማቆምም አለበት። ይህኛው በገዛ ግቢያቸው መግቢያ የሚያቆሙትን ያስይዛል፤ መኪናው ረዘም ብሎ ኋላው እግረኛው በሚያልፍበት ላይ ከወጣ ባለቤቱ ይቀጣል። የተቀባ ቀይ ጠርዝም ሰው ውስጥ ቢቀመጥ አይፈቀድም፤ የአካል ጉዳተኛ መለያ ካርድም እዚያ አይሠራም።

የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃው ለየት ይላል። ከግራና ከቀኙ 15 ጫማ፣ ጠርዙ ባይቀባም፣ ክልክል ነው። ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወዲያው ማንሳት ከቻለ መጠበቅ ይፈቀድለታል፣ ጠርዙ ቀይ ካልሆነ። የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ ሹፌሩ መንገድ ይለቃል። በማዕዘኑ ላይ ግን ሹፌር ኖረም አልኖረም መኪናው ዓይን ይጋርዳል፤ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ርቀቱን ለመለካት ሜትር መያዝ አያስፈልግም። ከማቋረጫው መስመር፣ መስመር ከሌለም የእግረኛው መንገድ ቢቀጥል ከሚያልፍበት ጫፍ ተነስተው በተለመደ እርምጃ ስምንት ይቁጠሩ፤ የመኪናዎ አፍንጫ ከዚያ ወዲህ ይሁን። ከአንድ መካከለኛ መኪና ርዝመት ትንሽ ይበልጣል። ከተሞች በደንብ ወስነው ቦታውን በቀለም ወይም በምልክት ካሳዩ ከ20 ጫማ የተለየ ርቀት ማውጣት ስለሚችሉ፣ ምልክት ካለ የሚገዛው እሱ ነው።

ቲኬቱ ስህተት ነው ካሉ ደግሞ ቲኬቱ በተሰጠ በ21 ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ምርመራ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላሉ። «ምልክት አልነበረም» የሚለው አቤቱታ ለማዕዘኑ ዋጋ የለውም። መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ከመኪናው አፍንጫ እስከ ማቋረጫው ጫፍ ሜትር ዘርግተው ከነማዕዘኑ የሚያሳይ ፎቶ ቢያነሱ ግን ርቀቱን ራሱን ያስረዳልዎታል።