«ንረቱ ቀነሰ» ሲባል ምኑ ነው የቀነሰው?

በቅርቡ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አሠሪውን ደመወዝ እንዲጨምርለት ሲለምን አጠገባቸው ነበርኩ። አሠሪው «ንረቱ ቀንሷል ሲባል አልሰማህም እንዴ?» አለው። ሰውየው መልስ አጥቶ ወጣ። እኔም እስከ ማታ ስናደድ ዋልኩ።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ይገባኛል። «ናረ» ማለት ከፍ አለ ነውና «ንረት ቀነሰ» ሲባል ጆሯችን ዋጋ የወረደ አድርጎ ይሰማዋል። ሽንኩርትም ምርት ሲገባ ስለሚረክስ ግምታችንን ያጠናክርልናል። ዜናው የሚናገረው ግን ዋጋ ምን ያህል በፍጥነት እየጨመረ እንደሆነ ነው። ዳገት የሚወጣ ሰው እርምጃውን ቢያዘገይ ቁልቁል ወረደ አይባልም።

በአንድ ቤት አስቤዛ እንየው፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ጤፉ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ሳሙናውና ከሰሉ ተደምሮ በወር 5,000 ብር ይፈጅ ነበር እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ንረቱ 30 በመቶ ሲሆን ያው አስቤዛ 6,500 ብር ገባ። በሁለተኛው ዓመት ንረቱ ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ አስቤዛው ግን 7,800 ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ንረቱ 10 በመቶ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ የሚከፍለው 8,580 ደረሰ። ንረቱ በየዓመቱ «ቀነሰ»፣ ወጪው ግን ከ70 በመቶ በላይ ጨመረ። ደመወዙ ያልተነካ ሰው በዚያው 5,000 ብር የሚገዛው የቀድሞውን አስቤዛ 58 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከልጆቹ ሳህን የተነሣ ነው። አሠሪው ይህን አስልቶ ቢሆን ኖሮ ያን ቃል ለመናገር ያፍር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ላያፍርም ይችላል።

በአገራችንም የሆነው ከዚህ አይርቅም። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ዓመታዊው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢወርድም ያኔ የተጨመረው ዋጋ አሁንም እላያችን ላይ ነው።

«ቁጥሩ ውሸት ነው፤ የኔ ቤት በእጥፍ ጨምሯል» የሚሉም አሉ። ቁጥሩ የብዙ ቤቶች አማካይ ነው። ገቢው አብዛኛው ለምግብና ለቤት ኪራይ የሚያልቅበት ቤት፣ እነዚህ ሁለቱ ከሌላው ፈጥነው ሲወደዱ ከአማካዩ በላይ ይጎዳል።

«ዳቦው አልጨመረም» ለሚል ደግሞ ሚዛን ይበቃዋል። በ10 ብር ይሸጥ የነበረ የ100 ግራም ዳቦ በዚያው ዋጋ 80 ግራም ከሆነ፣ 25 በመቶ ተወዷል።

ደመወዝ ለመጠየቅ የምትሄዱ፣ የዜናውን ቁጥር ተዉትና የአስቤዛ ደብተራችሁን ያዙ። ደመወዝ ለመጨረሻ ጊዜ በተጨመረላችሁ ወር የገዛችሁትን ዝርዝር በዛሬ ዋጋ ደምሩት። የምትጠይቁት ልዩነቱን ነው።