ለማት ስንት መኪና ኮንክሪት ይታዘዛል?

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው ሰፈሮች ፎቅ ለሚሠራ ሰው መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት መሠረት ማት ነው። እያንዳንዱ ኮለን በራሱ ፉቲንግ ላይ ከሚቆም ሁሉም ኮለኖች በአንድ ወፍራም የአርማታ ወለል ላይ ይቆማሉ። ጥቁር አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ሕንፃው እንደ አንድ አካል እንዲንቀሳቀስ ነው ይህ የሚደረገው። ወለሉ አንድ አካል እንዲሆን ደግሞ ኮንክሪቱ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ መሞላት አለበት። ስለዚህ ባለቤቱ ሬዲ ሚክስ ለማዘዝ ስልኩን ያነሳል፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣለት የመጀመሪያ ጥያቄም “ስንት ኩብ?” የሚል ነው።

መልሱን ቀላል የሚያስመስለው ፕላኑ ነው። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ማቱ 14 ሜትር በ11 ሜትር ነው፣ ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር። ይህ 77 ሜትር ኩብ ይመጣል። የሊፍት ጉድጓዱ ከማቱ በታች ስለሚወርድ ለእሱ ሌላ 3 ኩብ ይጨመርና ድምሩ 80 ይሆናል። ሚክሰር መኪናው በአንድ ቢያጆ 7 ኩብ የሚያመጣ ከሆነ 11 መኪና ሙሉ፣ አንድ መኪና ደግሞ 3 ኩብ ይዞ ቢመጣ ያለቀ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይሳሳታል። አንዱ 80 ያለውን 80 ያዝዛል። ሌላው ሳይት ላይ በሚክሰር ሲያቦካ የለመደውን ሂሳብ ይዞ ይመጣል። አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ለየብቻ ሲገዙ የደረቀው ቁሳቁስ ውሃ ነክቶት ሲቦካ ስለሚቀንስ፣ ቆጣሪዎች ወደ 30 በመቶ ይጨምሩበታል። ለደረቅ ቁሳቁስ ይህ ትክክል ነው። ሬዲ ሚክስ ግን የሚሸጠው ከቦካ በኋላ ባለው መጠን ነው፤ ፋብሪካው የገቡትን ሁሉ መዝኖ፣ ክብደቱን ለተጠቀጠቀ ኮንክሪት ጥግግት አካፍሎ ነው ኩቡን የሚያወጣው። ቫይብሬተር ሲገባበት ክምሩ ዝቅ ሲል አይተው “ሰረቁን” የሚሉ አሉ። የወጣው አየር ነው፣ አየሩም መጀመሪያውኑ አልተቆጠረም። በዚህ ምሳሌ ላይ 30 በመቶ የጨመረ ሰው 104 ኩብ ያዝዛል፤ ከሃያ ኩብ በላይ የሚሆን፣ ማንም መልሶ የማይወስደው ኮንክሪት ግቢው ውስጥ ይደርቅበታል።

ታዲያ ስንት ይጨመር? “አምስት በመቶ” የሚለው መልስ በየሳይቱ ይሰማል፣ ብዙ ጊዜም ያወጣል። እኔ ግን የማልወድለት ነገር አለ፤ የፈሰሰውንና በልኬት ስህተት የጠፋውን አንድ ላይ ይቀላቅላል። ማት ላይ ትልቁ ጉድለት የሚመጣው ከመፍሰስ አይደለም፣ ከሥር ካለው መሬት ነው። ከማቱ በታች ሊን ኮንክሪት ይፈሳል። ሊኑ በእጅ የሚስተካከል ስለሆነ እዚህ ጋ ሁለት ሳንቲም ዝቅ፣ እዚያ አንድ ሳንቲም ከፍ ይላል። የምሳሌያችን ማት ስፋት 154 ካሬ ስለሆነ፣ ሊኑ በአማካይ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል አንድ ኩብ ተኩል ኮንክሪት ይውጣል። ዓይን አንድ ሳንቲም ዝቅታን በዚህ ሁሉ ስፋት ላይ ጨርሶ አያይም።

ስለዚህ ከማዘዝ በፊት ይለካል። ፌሮው ከታሰረ፣ ካሳፎርማው ከቆመና የማቱ የላይኛው ልክ በካሳፎርማው ላይ ምልክት ከተደረገበት በኋላ፣ ሲባጎ ከዳር እስከ ዳር በዚያ ልክ ይወጠራል። ከዚያ በየሁለት ሜትሩ ሜትር በፌሮው መሐል ወደ ታች እየተሰደደ ከሲባጎው እስከ ሊኑ ያለው ይነበባል። 51፣ 52፣ 50፣ 49፣ 53 እያለ ይጻፋል። ሜትሩን የሚይዘው ሰው ጫፉ ሊኑን መንካቱን ማረጋገጥ አለበት፤ ፌሮ ላይ ወይም ስፔሰር ላይ ካረፈ ንባቡ አጥሮ ይወጣል። ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። በምሳሌያችን አማካዩ 51 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ማቱ 78 ኩብ ተኩል ሆነ፣ ከሊፍት ጉድጓዱ ጋር 81 ተኩል። ይህ ጭማሪ ብክነት አይደለም፣ በትክክል መሬት ውስጥ የሚገባ ኮንክሪት ነው።

አሁን በእውነት የሚባክነውን እንጨምር። ፓምፕ ካለ፣ ኮንክሪት የሚገለበጥበት ሳጥንና ቧንቧው መጨረሻ ላይ ሙሉ ሆነው ይቀራሉ። የተለመደው 125 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በአንድ ሜትር 12 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 30 ሜትር ቧንቧ ከሆነ ወደ 0.4 ኩብ፣ ከሳጥኑ ትራፊ ጋር ከ0.6 ኩብ አያንስም። ካሳፎርማው በኮንክሪቱ ግፊት ትንሽ ይነፋል፣ በሳንቃዎቹ ክፍተት ሊጥ ይወጣል፣ ቧንቧው ሲዞር ዳር ላይ ይፈሳል፣ ዳገት ላይ ከሞላ መኪና ጀርባ ይንጠባጠባል። ካሳፎርማው ደህና ከተደገፈ ለዚህ ሁሉ አንድ በመቶ፣ ማለትም ወደ 0.8 ኩብ ይበቃል። ለላቦራቶሪ የሚወሰዱት ኩቦች እያንዳንዳቸው ሦስት ሊትር ተኩል አካባቢ ስለሆኑ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም። ፌሮው ራሱ የሚይዘው ቦታ ደግሞ አለ፣ በዚህ ማት ላይ ወደ አንድ ኩብ ይጠጋል፤ ግን ማንም አይቀንሰውም፣ እኔም አልቀንሰውም። ትንሽ መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጥ። ድምሩ 83 ኩብ መጣ።

የፈሰሰውን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። መሬት ላይ የወደቀ ኮንክሪት ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ በአካፋ ተጠርጎ ማቱ ውስጥ መመለስ የለበትም። ለመፍሰስ የሚታሰበው ትርፍ ያለው ለዚህ ነው። ትርፍ ያላዘዘ ባለቤት ግን መጨረሻ ላይ ሲያጥረው፣ ሠራተኞቹ የሚያነሱት የመጀመሪያ ነገር ያንን የፈሰሰ ጭቃ ነው።

83 ኩብ በ7 ሲካፈል 11 ሙሉ መኪናና የ6 ኩብ አንድ መኪና ይሆናል። ሁሉንም ግን አንዴ ማዘዝ አያስፈልግም። ከፋብሪካው ጋር ስምምነቱ “11 መኪና ቁርጥ ነው፣ የመጨረሻውን መጠን ዘጠነኛው መኪና ሲራገፍ እነግራችኋለሁ” የሚል ይሁን። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ፋብሪካው ሌላ ደንበኛ ይጀምርና የመጨረሻው መኪና ከሰልፉ ኋላ ይወድቃል። ጎዶሎ ጭነት እንደ ሙሉ የሚያስከፍሉም ስላሉ ዋጋውም በዚያው ይጠየቅ።

የመጨረሻውን መኪና ለመወሰን ካሳፎርማው ላይ በየሜትሩ ቀለም ይቀባል። ሙሌቱ ከሊፍት ጉድጓዱ ጀምሮ፣ ከዚያ ከአንዱ የ11 ሜትር ጎን ወደ ሌላው እየገፋ ይሄዳል። ውፍረቱ 51 ሳንቲ ሜትር በሆነው ማት እያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 5.6 ኩብ ይበላል፤ አንድ ሙሉ መኪና አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ያስኬዳል ማለት ነው። ዘጠኝ መኪና፣ 63 ኩብ፣ ከገባ በኋላ ፎርማኑ የኮንክሪቱን ግንባር ይለካል። ግንባሩ ተዳፋት ስለሚሆን የሚነበበው እግሩ ወይም ጫፉ ሳይሆን መካከሉ ነው። 10 ሜትር ተኩል ላይ ከደረሰ፣ የቀረው 3 ሜትር ተኩል፣ ማለትም 19.6 ኩብ ነው። በመንገድ ላይ ያሉት ሁለት መኪናዎች 14 ይዘዋል። የጎደለው 5.6፣ ከትንሽ መጠባበቂያ ጋር 6 ኩብ። ስልኩ የሚደወለው ያኔ ነው።

ያው ቀለም የጭነቱንም ሐቀኝነት ያሳያል። አራት መኪና ተራግፎ ግንባሩ መድረስ ካለበት ቦታ ግማሽ ሜትር ወደኋላ ከቀረ፣ ወይ ካሳፎርማው የሆነ ቦታ ተነፍቷል፣ ወይ ወለሉ ሳይለካ የቀረ ጉድጓድ አለው፣ ወይ ጭነቱ ጎድሏል። መጀመሪያ ካሳፎርማው ዙሪያውን ይታይ። እሱ ደህና ከሆነ ቀጣዩ መኪና በአቅራቢያ ወዳለ ሚዛን ይላክ፤ አንድ ኩብ ኮንክሪት ወደ 2,400 ኪሎ ስለሚመዝን 7 ኩብ ከባዶው መኪና ክብደት በላይ ወደ 16.8 ቶን መሆን አለበት። ጥቂት መቶ ኪሎ ልዩነት አያከራክርም፣ ሁለት ቶን ግን ያከራክራል።

ማጠር ከመትረፍ ይከፋል። 80 ኩብ ብቻ ያዘዘው ሰው መጨረሻ ላይ 3 ኩብ ያጥረዋል። ይህ በማቱ ጫፍ ላይ 11 ሜትር የሚረዝምና ግማሽ ሜትር የሚሰፋ ባዶ ቦታ ነው፣ ያውም የዳር ኮለኖች በሚቆሙበት መስመር። ከባድ መኪና በቀን በሚከለከልበት ሰዓት ምክንያት ሙሌቱ ማታ ከሆነ፣ አዲስ መኪና ፋብሪካ ጭኖ እስኪደርስ የተሞላው መጥናት ይጀምራል። አዲሱ ኮንክሪት በጠና ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ አይዋሐድም፣ የክረምት ውሃ መግቢያ የሚያገኝበት ስንጥቅም ይፈጠራል። ይህ እንዳይሆን ብዙዎች የሚያደርጉት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ያለውን በመጥረጊያ ሳብ አድርገው ጫፉን በ40 ሳንቲም ይጨርሱታል።

ለዚህ መድኅኑ ሳይት ላይ የሚጠብቅ ሚክሰር ነው። ሦስት ኩብ ሲ-25 ለማቡካት ወደ 11 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈልጋል። ሲሚንቶው ካልተነካ ለግድግዳው ይሆናል፣ የሚጠፋ ነገር የለም። አሸዋው፣ ጠጠሩና ምጥጥኑ ግን ቀድሞ በመሐንዲሱ መጽደቅ አለበት፤ ማታ በስልክ የሚጸድቅ ነገር አይደለም። ይህም ከሌለ ኮንክሪቱ በራሱ ተዳፋት እንዲደርቅ አይተውም፤ መሐንዲሱ በሚያሳየው ቦታ ላይ በሳንቃ ቀጥ ብሎ ይቆምና ፊቱ ሻካራ ተደርጎ ለቀጣዩ ቀን ይዘጋጃል።

ለሚተርፈውም ቦታ ቀድሞ ይዘጋጅ። በፓምፑ ሳጥንና ቧንቧ ውስጥ የሚቀረው ግማሽ ኩብ ያህል ሁልጊዜ ይኖራል። የጥበቃ ቤቱ ወለል ወይም የአጥሩ መሠረት ካሳፎርማው ቆሞ ቢጠብቅ ኮንክሪቱ ሥራ ላይ ይውላል። ካልሆነ ሾፌሩ ጎረቤት ቦይ ውስጥ ገልብጦት ይሄዳል፣ በቀጣዩ ዝናብ የሰፈሩ ውሃ መውረጃ ያጣል። መኪናዎቹ የሚታጠቡበት፣ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድም ከመጀመሪያው መኪና በፊት ተቆፍሮ ይጠብቅ።

እያንዳንዱ መኪና ሲደርስ ማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ ከፋብሪካ የወጣበት ሰዓትና የኩቡ መጠን ይነበባል፣ የተራገፈበት ሰዓት ይጻፍበታል። ከተቦካ አንድ ሰዓት ተኩል ያለፈው ከሆነ መሐንዲሱ ሳያየው አይራገፍ። ሙሌቱ ሲያበቃ የወረቀቶቹ ድምር 83 ይላል፣ ካሳፎርማው ውስጥ የተለካው 81 ተኩል ነው። ልዩነቱ የት እንደሄደ፣ ፓምፑ ውስጥ የቀረውና ዳር ላይ የፈሰሰው በዓይን እየታየ፣ ሂሳብ ከመከፈሉ በፊት በዚያው ሌሊት ከፎርማኑ ጋር ይጻፋል።