የጆሮ ጠብታ አሰጣጥ፦ ሙቀቱና የራስ አቀማመጡ

ጆሮው መግል ለሚያወጣ ሕፃን ጠብታ ታዝዞ ሳምንት ቆይቶ ለውጥ ካልታየ፣ ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መድኃኒቱን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው አሰጣጡ ነው እላለሁ። ጠብታ የሚሠራው የታመመው ቦታ ሲደርስና እዚያ ሲቆይ ብቻ ነው። መድረሱን የሚወስነው የራስ አቀማመጥ ነው፤ ልጁ ሳይንፈራገጥ መቆየቱን ደግሞ በአመዛኙ የመድኃኒቱ ሙቀት ይወስነዋል።

ከሙቀቱ እንጀምር። በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የበሽተኞችን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ሰዎቹ ራሳቸው እንደሚዞርና ዓይናቸው ወደ አንድ ጎን እንደሚርገበገብ አየ። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅም ማዞሩ አልቀረም፤ የዓይኑ እንቅስቃሴ ግን አቅጣጫውን ለወጠ። ለዚህ ሥራው የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በውስጠኛው ጆሮ ሚዛናችንን የሚጠብቁ ፈሳሽ የያዙ ቱቦዎች አሉ። ወደ ጆሮ የገባው ነገር ከሰውነት ሙቀት ከራቀ በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልም ራስ የዞረ ይመስለዋል። ሐኪሞች ዛሬም ሚዛንን ሲመረምሩ የ30 እና የ44 ዲግሪ ውኃ ይጠቀማሉ፤ ከሰውነት ሙቀት በ7 ዲግሪ ዝቅና ከፍ ማለት ነው። በደጋ አገር መደርደሪያ ላይ ያደረ ብልቃጥ ደግሞ በማለዳ ከ30 ዲግሪ እጅግ በታች ይሆናል።

ምርመራው ብዙ ውኃ ይጠቀማል፣ ጥቂት ጠብታ ምን ያመጣል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ታምቡሩ ደህና የሆነ ልጅ ላይሰማው ይችላል። መግል የሚፈስበት ጆሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታምቡሩ ተበስቷል፤ ጠብታው በቀዳዳው አልፎ ከሚዛን ቱቦዎቹ አጠገብ ይደርሳል። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ «ዞረብኝ» ብሎ አይናገርም። ያለቅሳል፣ አንዳንዴም ያስመልሳል፣ በማግስቱ ብልቃጡን ሲያይ ይሸሻል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብልቃጡን በመዳፍ ውስጥ ጨብጦ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት። ለምን በፈላ ውኃ አይሞቅም ቢባል፣ ያለፈ ሙቀት ያው ማዞሩን ከማምጣቱም በላይ ያቃጥላል። በመዳፍ የሞቀ ነገር ግን ከሰውነት ሙቀት አያልፍም።

አቀማመጡን በአንድ ምሳሌ እንየው። የሁለት ዓመት ልጅ የቀኝ ጆሮው ለሦስት ሳምንት መግል አፍስሷል፤ ጤና ጣቢያ ታይቶም የሲፕሮፍሎክሳሲን የጆሮ ጠብታ ታዞለታል። እናቱ እጇን ትታጠባለች። ብልቃጡ በመዳፏ ከሞቀ በኋላ፣ መግሉ እያለ ጠብታ ማድረግ መድኃኒቱን ማባከን ስለሆነ፣ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ወይም ጠንከር ያለ ሶፍት ጠቅልላ ጆሮው ውስጥ ታስቀምጣለች። ሲርስ አውጥታ በሌላ ትተካለች፤ ደርቆ እስኪወጣም ትደጋግማለች። የጥጥ እንጨት አትጠቀምም። ከዚያ ልጁን በግራ ጎኑ ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች፤ የታመመው ጆሮ ወደ ላይ ይሆናል። የሕፃናት የጆሮ ቱቦ አቅጣጫው ከትልልቆቹ ስለሚለይ፣ ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ሲሆን የጆሮ ጌጥ የሚንጠለጠልበትን ሥጋ ወደ ታችና ወደ ኋላ መሳብ ቱቦውን ያቃናዋል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ የላይኛው ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል። ጠብታው መሀል ለመሀል ሳይሆን በቱቦው ግድግዳ በኩል ይወርዳል፣ ውስጥ ያለው አየር መውጫ እንዲያገኝ። የብልቃጡ ጫፍ ጆሮውን አይነካም። ቀጥሎ ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ጎላ ያለች ሥጋ ጥቂት ጊዜ ጫን ለቀቅ ማድረግ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልጁ እንዲሁ አምስት ደቂቃ ይተኛ፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ወዲያው ከተነሣ መድኃኒቱ በጉንጩ ይወርዳል፤ ጥጥ ቢወተፍበትም ጥጡ ይመጠዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የማይፈታው ነገር ግን አለ። ታምቡሩ ሳይበሳ ከኋላው ለታመመ ጆሮ የፀረ ተሕዋስያን ጠብታ ዘልቆ አይደርስም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ታምቡሩ በተበሳ ጆሮ ላይ ደግሞ እንደ ጄንታማይሲን ያለ ጠብታ መስሚያውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለጎረቤት ልጅ የታዘዘን ብልቃጥ አትዋሱ፤ ዘይትም ቅቤም አትጨምሩ። ከጆሮው ጀርባ እብጠት ከታየ፣ ልጁ ከደነዘዘ ወይም ፊቱ ከተጣመመ ጠብታውን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት።