ሶኬቱ ይሠራል፤ ሰልጣኙ ግን "ገና ብቁ አይደለም" ተባለ። ለምን?

ስልካችሁን ሰካችሁ፣ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። ታዲያ ሶኬቱ በትክክል ተገጥሟል ማለት ነው? አይደለም! ዛሬ የምናየው ይሄንኑ ነው፦ አንድ የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ ግራውንድ ያለው ሶኬት መግጠምን እንዴት ይማራል፣ አሰልጣኙ ምን ማሳየት አለበት፣ ምዘና ላይስ የሚሠራ ሶኬት ገጥሞ እንኳን ለምን ይወድቃል?

መጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ወደ ሶኬቱ ሦስት ገመድ ይመጣል። በአዲሱ የቀለም አሰጣጥ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴው ግራውንድ ነው። ለሶኬት መስመር በተለምዶ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይዘረጋል። የሦስቱም ጫፍ ተልጦ እያንዳንዱ በየቦታው ገብቶ በብሎን ይጠብቃል፤ ሶኬቱ ስካቶላው ውስጥ ይቀመጥና ክዳኑ ይዘጋል። በቃ። ያየ ሰው "ይሄማ ቀላል ነው" ይላል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ለምን ብትሉ፣ ቻርጀሩ የሚፈልገው ፌዝና ኒውትራልን ብቻ ነው። ግራውንዱ ጭራሽ ባይታሰርም ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ አምፖሉም ይበራል። ጉድለቱ የሚታወቀው አንድ ቀን የእንጀራ ምጣዱ ወይም የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ፌዝ የብረት አካሉን ሲነካ ነው። ግራውንድ ቢኖር ኖሮ ኃይሉ በዚያ በኩል ሄዶ ብሬከሩን ይጥል ነበር። ከሌለ ግን መንገዱ የሚሆነው ምጣዱን የነካው ሰው ነው።

የላላ ብሎንም እንደዚሁ ነው። ቻርጀር የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ የላላ ብሎን አይታወቅበትም። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ግን በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ያን ጊዜ የላላው ቦታ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። የቤታችሁ ሶኬት ጠቁሮ አይታችሁ ከሆነ አንዱ የተለመደ ምክንያት ይሄ ነው።

ስለዚህ ማሠልጠን ማለት "ሠራ" የሚለውን ማየት ብቻ ሳይሆን፣ ሲሠራ የማይታየውን ነገር ሰልጣኙ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

አንዴ አሳይቶ "ገባችሁ?" ማለት አይበቃም

ብዙዎቻችን የተማርንበትን መንገድ አስታውሱ። አሰልጣኙ ጠረጴዛው ጋ ይቆማል፣ 24 ሰው ይከበዋል፣ እያወራ ይሠራል፣ ከዚያ "ገባችሁ?" ይላል። ሁሉም "አዎ!" ይላል። ፊት ለፊቱ የቆሙት ያዩት ደግሞ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ሥራ ነው፤ ከኋላ የቆሙት ያዩት የጓደኞቻቸውን ማጅራት ነው።

የተሻለው መንገድ ሮድኒ ፔይተን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረበው አካሄድ ይታወቃል፤ ለሐኪሞች የወጣ ቢሆንም ለእጅ ሥራ ሁሉ ይሆናል። አራት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ አሰልጣኙ ሥራውን በትክክለኛው ፍጥነት፣ ምንም ሳያወራ ይሠራዋል። ሰልጣኙ የተጠናቀቀ ሥራ ምን እንደሚመስል የሚያየው እዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ያንኑ ሥራ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን እርምጃና ምክንያቱን እየተናገረ ይደግመዋል። ሦስተኛ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሰልጣኙ ይናገራል፣ አሰልጣኙ የተባለውን ብቻ ይሠራል። አራተኛ፣ ሰልጣኙ እየተናገረ ራሱ ይሠራል።

በእኛ እይታ ትልቁ ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። አንዷ ሰልጣኝ "ብሬከሩን አጥፋ፣ ገመዱን ላጥ…" ብላ ብትጀምር አሰልጣኙ እጁን ሰብስቦ ይቆማል። ምን ቀረ? ብሬከሩ ከጠፋ በኋላ መስመሩ በእርግጥ መሞቱ አልተለካም። የተሳሳተ ብሬከር አጥፍታ ቢሆንስ? ስህተቱ በቃል ደረጃ ተያዘ ማለት ነው፤ ማንም ሳይነዘር።

አቋቋምም ወሳኝ ነው። ሰልጣኞች ከአሰልጣኙ ትከሻ በኩል፣ እሱ በሚያይበት አቅጣጫ ይቁሙ። ቦታው ካልበቃ በስድስት በስድስት ሆነው ይምጡ። ከትከሻ በላይ በስልክ ተቀርጾ ለክፍሉ ቢላክም ጥሩ ነው። ቲክቶክ ላይ ያሉትን ቪዲዮዎች ግን ተጠንቀቁ፤ ክዳን ሲዘጋና አምፖል ሲበራ ያሳያሉ፣ ልኬቱን ቆርጠው ይጥሉታል።

ልምምድ፦ መጀመሪያ ኃይል በሌለው ሰሌዳ ላይ

ከዚያ በእጅ መሞከር ይመጣል። 24 ሰልጣኝና 6 የልምምድ ሰሌዳ አለ እንበል። አራት አራት ሆነው ይደርሳቸዋል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ቼክሊስቱን ይዞ ይከታተላል፣ ሁለቱ ያያሉና ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ብንሰጥ አንድ ዙር 80 ደቂቃ ነው። ሰሌዳው ከኃይል ጋር አልተገናኘም።

አሰልጣኙ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ግን ካቻቢቴውን ከሰልጣኙ እጅ አይቀማም። ደህንነትን የሚነካ ነገር ካየ ወዲያው "ቁም!" ይላል። ሌላ ስህተት ከሆነ ትንሽ ይጠብቃል።

ለምሳሌ አንድ ሰልጣኝ ገመዱን 15 ሚሊሜትር ላጠው እንበል። ብዙ ሶኬቶች ጀርባቸው ላይ ልኩ ተመልክቷል፤ በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። 15 ከሆነ ባዶ መዳብ ወደ ውጭ ይወጣል። አሰልጣኙ "በዛ፣ ቁረጠው" ከማለት ይልቅ "ሶኬቱን በጎን በኩል እየው፣ ምን ይታይሃል?" ይላል። ልጁ የወጣውን መዳብ ራሱ ያገኛል። በተቃራኒው አሳጥሮ ከላጠ ብሎኑ የሚጨምቀው ፕላስቲኩን ነው፤ ሲያዩት የጠበቀ ይመስላል፣ ግን መዳቡን አልያዘውም። ይሄን የሚያጋልጠው እያንዳንዱን ገመድ ከታሰረ በኋላ ሳብ ማድረግ ነው። ከወጣ አልታሰረም፤ ክርክር የለውም። ሳብ ሲደረግ ካልወጣ ደግሞ መዳቡ እንጂ ፕላስቲኩ አለመጨመቁን በዓይን ማየት ነው።

በፒንሳ ሲላጥ መዳቡ ከተቀነጠበስ? አንዴ እጥፍ ሲል ይሰበራል። ተቆርጦ እንደገና ይላጣል። ስካቶላው ውስጥ ትርፍ ገመድ የሚተወውም ለዚህ ነው።

ቼክሊስቱ ላይ የሚጻፈው የሚታይ ነገር ይሁን

አሁን ወደ ምዘናው። "ደህንነትን ይጠብቃል"፣ "ሥራውን በጥራት ሠርቷል" የሚሉ ነጥቦችን አይታችሁ ይሆናል። ሁለት መዛኞች አንድን ሰልጣኝ አይተው አንዱ ✓ ሌላው ✗ ሊያደርጉበት ይችላሉ፣ ምክንያቱም ጥራት ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ለሶኬቱ እንዲህ ቢጻፍ ግን የሚያከራክር ነገር ይቀንሳል፦

▪️ ብሬከሩን አጠፋ፤ መልቲሜትሩን በሚሠራ መስመር ላይ ሞክሮ መስመሩ ዜሮ መሆኑን ለካ (ወሳኝ)
▪️ ባዶ መዳብ ከማሰሪያው ውጭ አይታይም
▪️ ሦስቱንም ገመድ ሳብ አድርጎ ፈተሸ
▪️ ቢጫና አረንጓዴው ገመድ በግራውንድ ማሰሪያ ላይ ነው (ወሳኝ)
▪️ ክዳኑን ሳይዘጋ ለመዛኙ አሳየ (ወሳኝ)
▪️ በመዛኙ ፊት ኃይል ከተለቀቀ በኋላ ሦስቱን ልኬቶች ለካ፣ ውጤቱን ጻፈ (ወሳኝ)
▪️ ሶኬቱ ግድግዳው ላይ አልተጣመመም

"ወሳኝ" የሚለው ቃል የመጣው ነጥብ ተደምሮ እንዳያታልል ነው። ከሰባቱ ስድስቱን ያገኘ ሰው በትምህርት ቤት ሒሳብ ወደ 86 በመቶ ነው፣ በደንብ አልፏል። ግን የጎደለው አንዱ ግራውንድ ከሆነ? ሲኦሲ ላይም ውጤቱ "ብቁ" ወይም "ገና ብቁ አይደለም" የሚሆነው በከንቱ አይደለም። የተጣመመ ሶኬት ይቃናል፤ ግራውንድ የሌለው ሶኬት ግን ሰው ይገድላል። ሁለቱ እኩል አንድ ነጥብ ሊሆኑ አይችሉም።

በነገራችን ላይ፣ ክቡ ሶኬት ላይ ፌዝ በግራ ይሁን በቀኝ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ መሰኪያው በሁለቱም በኩል ይገባል። ማሠልጠኛው ለወጥነት አንዱን ሊመርጥ ይችላል፣ ወሳኝ ነጥብ ማድረግ ግን ልክ አይመስለንም።

ሦስቱ ልኬቶች ምንድን ናቸው? በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አካባቢ፣ በፌዝና በግራውንድ መካከልም እንደዚያው፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ደግሞ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት። አምፖል ያለው ቴስተር ካቻቢቴ ይሄን አይነግራችሁም፤ እሱ የሚያሳየው ፌዝ የቱ እንደሆነ ብቻ ነው።

ክዳኑ ሳይዘጋ የሚለው ለምን ወሳኝ ሆነ?

ወደ ርዕሳችን ሰልጣኝ እንመለስ። ሶኬቱን ገጠመ፣ ክዳኑን ዘጋ፣ አምፖል ሰካ፣ በራ። ሦስቱም ልኬቶች ትክክል ናቸው! ግን መዛኙ ክዳኑን ሲያስከፍተው የግራውንዱ ገመድ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል። በምትኩ ከኒውትራሉ ማሰሪያ ወደ ግራውንዱ አጭር ሽቦ ተስቧል። "ውጭ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ" አለ።

መልቲሜትሩ ይሄን አይለይም፤ ኒውትራልና ግራውንድ ተገናኝተዋልና መካከላቸው ዜሮ ነው፣ ከፌዝ ጋር ደግሞ 220 ነው። ነገር ግን አንድ ቀን የኒውትራሉ መስመር የሆነ ቦታ ቢበጠስ፣ በተሰካው ዕቃ ውስጥ ያለፈው ኃይል በዚያች አጭር ሽቦ አድርጎ የዕቃውን የብረት አካል ይይዘዋል። ምጣዱ ጠፍቷል ብላችሁ ስትነኩት ይነዝራችኋል።

ይሄን የሚይዘው ዓይን ነው፣ እሱም ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት። መዛኙ በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰልጣኝ ጋ ከነበረ አመለጠው ማለት ነው፤ ስለዚህ ሰልጣኙ ራሱ ጠርቶ እንዲያሳይ ይገደዳል።

ቼክሊስቱ የማይደርስበትም አለ። ግራውንዱ ታስሮ፣ ልኬቱም ትክክል ሆኖ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ራሱ ደካማ ሊሆን ይችላል። እሱን ለመለካት የግራውንድ መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በመልቲሜትር አይሆንም። ለአንድ ሶኬት ምዘና ይሄን መጠየቅ ከሥራው ወሰን ውጭ ነው፣ ግን ሰልጣኙ እንዳልለካው ማወቅ አለበት።

"ገና ብቁ አይደለም" የተባለው ልጅስ? አጭሯን ሽቦ ነቅሎ ግራውንዱን ቢያስር አይበቃም። አሰልጣኙ የኒውትራል መበጠስን ኃይል በሌለው ሰሌዳ ላይ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ እንዲያስረዳ ያደርገዋል፤ ከዚያ ሥራውን በሌላ ሰሌዳ ላይ ከብሬከሩ ጀምሮ እንደ አዲስ ይሠራዋል።