ከአቅራቢ ውል ለሒሳብ ሹም የሚወጣ ዝርዝር

ለየቲም ልጆች የደንብ ልብስ ሲታዘዝ የሒሳብ ሹሙ ከውሉ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ዕቃው መቼና የት እንደሚደርስ፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ ቢዘገይም ስንት እንደሚቀነስ። ይህን የሚያወጣው ሰው አንቀጹን ከነቁጥሩ ቃል በቃል ይገልብጥ እንጂ በራሱ አነጋገር አያሳጥር እንላለን።

ምሳሌ እናስቀምጥ። 200 ደንብ ልብስ በ180,000 ብር ታዝዞ 150ው በቀኑ ደረሰ፤ 50ው ግን 12 ቀን ዘገየ። ውሉ «ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከዋጋው 0.1 በመቶ ይቀጣል» ይላል። የጠቅላላው ዋጋ ከተያዘ ቅጣቱ 2,160 ብር ነው፤ የዘገየው ብቻ ከተያዘ 540 ብር። ዝርዝር አውጪው «ከጠቅላላው» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምር ሳያስበው ፈረደ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ጽፎ በጎኑ «የየትኛው ዋጋ እንደሆነ አልተገለጸም» ይበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በውል ስለሚወሰን ቅጣት ድንጋጌዎች አሉት፤ እነርሱን ከውሉ ጋር ማገናዘብ ግን የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው።

«በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። ቆጠራው ከርክክብ ወይስ ደረሰኝ ከቀረበበት ቀን እንደሚጀምር ብዙ ጊዜ በሌላ አንቀጽ ወይም በአባሪው ስለሚገኝ ሁለቱ ጎን ለጎን ይጻፉ።

የማስረከቢያው ቦታ በቂርቆስና በካዛንቺስ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪውም ነጋዴውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። በውሉ ላይ የቀድሞው አድራሻ ካለ እርሱው ይገለበጥ፤ ቦታው መለወጡ በማስታወሻ ይመልከት እንጂ አዲሱ አድራሻ በአሮጌው ስፍራ አይተካ።